በየወሩ የምንቆጥበው ብር ስንት ይደርሳል? በFV እና በPMT የማስላት መመሪያ

ሁለት ጥያቄዎች ደጋግመው ይመጡልኛል። አንደኛው «በየወሩ 3,000 ብር ባስቀምጥ ከ5 ዓመት በኋላ ስንት ይሆንልኛል?» የሚል ነው። ሁለተኛው የዚሁ ግልባጭ ነው፦ «ከ5 ዓመት በኋላ ለሱቅ መነሻ 400,000 ብር እፈልጋለሁ፤ በየወሩ ስንት ላስቀምጥ?» በየጊዜው በመልእክት ከምመልስ አንዴ ልጻፈው ብዬ ነው።

ሁለቱንም ኤክሴል ወይም ጎግል ሺትስ ላይ በአንድ ገጽ መጨረስ ይቻላል። የመጀመሪያውን FV የሚባለው ቀመር ይመልሰዋል፤ ሁለተኛውን PMT። ቀመሮቹ አጭር ናቸው። ሰው የሚሳሳተው በሒሳቡ ሳይሆን ቁጥሮቹን ሲያስገባ ነው። ስለዚህ እያንዳንዱን ደረጃ ለምን እንደምናደርገው እያየን እንሂድ።

የሚያስፈልጋችሁ

- ኤክሴል፣ ጎግል ሺትስ ወይም ሊብሬ ኦፊስ ካልክ። ስልክ ላይ ያለውም ይበቃል።
- ባንካችሁ የሚከፍለው የዓመት ወለድ በመቶኛ።
- ወለዱ ሒሳባችሁ ውስጥ የሚገባው በየወሩ ይሁን በዓመት አንዴ፣ ከወለዱ ላይ የሚቆረጠው ግብርስ ስንት እንደሆነ። ሁለቱንም ቅርንጫፉ ላይ ጠይቁ፤ መስኮት ላይ ያለችው ልጅ ትነግራችኋለች።
- አሁን በሒሳቡ ያለው ገንዘብ፣ ካለ።
- የምታስቀምጡበት የወር መጠን ወይም የምትደርሱበት ግብ።

ለምሳሌው 7 በመቶ የዓመት ወለድ እይዛለሁ፤ በአገራችን ለተራ የቁጠባ ሒሳብ የተለመደ ቁጥር ስለሆነ ነው። የእናንተ ሌላ ከሆነ የራሳችሁን አስገቡ። ወለድ የሌለው ሒሳብ ወይም ዕቁብ ከሆነ ግን ይህ ሁሉ አያስፈልግም፤ የወሩን መጠን በወራቱ ብዛት ማባዛት ነው።

አንድ ማሳሰቢያ ከመጀመራችን በፊት። ቀመር ስትጽፉ የስልኩ ወይም የኮምፒውተሩ ኪቦርድ በእንግሊዝኛ ይሁን። በአማርኛ ኪቦርድ የሚወጣውን ነጠላ ሰረዝ (፣) ሺቱ አያውቀውም፤ ለእሱ ኮማ አይደለም። «ቀመሩ እንደጻፍከው ነው፣ ግን ስህተት ይላል» ብለው ከሚልኩልኝ ምስሎች ጥቂት የማይባሉት የዚህ ጣጣ ናቸው።

ደረጃ 1፦ ግብዓቶቹን ለብቻ አስቀምጡ

አዲስ ሺት ክፈቱ። በA አምድ ስሙን፣ በB አምድ ቁጥሩን እንዲህ ጻፉ፦

```
A1  የዓመት ወለድ            B1  7%
A2  ዓመታት                 B2  5
A3  የወር ተቀማጭ            B3  3000
A4  አሁን ያለ ገንዘብ          B4  0
A5  ጊዜ (0 ወይም 1)         B5  0
A6  ግብ                   B6  400000
```

ቁጥሮቹን ቀመሩ ውስጥ በቀጥታ መጻፍም ይቻላል፤ አይመከርም እንጂ። ወለዱ ነገ ቢቀየር ወይም «6 ዓመት ባደርገውስ?» ብትሉ ቀመር ውስጥ ገብቶ ከመቆፈር አንድ ሴል መቀየር ይቀላል። ደግሞም ስህተት ሲፈጠር የቱ ቁጥር እንዳጠፋ ወዲያው ይታያል።

B1 ላይ የመቶኛ ምልክቱን አብራችሁ ጻፉ፤ ማለትም `7%`። ምልክቱን ትታችሁ 7 ብቻ ከጻፋችሁ ሺቱ የሚረዳው 700 በመቶ ብሎ ነው። ውጤቱም ባንክ ቤቱን የሚያስገዛ ቁጥር ይሆናል።

ደረጃ 2፦ የዓመቱን ወደ ወር አውርዱ

እዚህ ላይ የሚተኙ ብዙ ናቸው። FV የሚቆጥረው በወር፣ በሳምንት ወይም በዓመት መሆኑን አያውቅም። የሚያውቀው «ጊዜ» የሚባል ነገር ብቻ ነው። በየወሩ የምታስገቡ ከሆነ አንዱ ጊዜ ወር ነው። ስለዚህ ወለዱም የወር ወለድ፣ ብዛቱም የወራት ብዛት መሆን አለበት።

ይህን ቀመሩ ውስጥ እናደርገዋለን፦ ወለዱን `B1/12`፣ ብዛቱን `B2*12`። 7 በመቶ ለ12 ሲካፈል በወር 0.5833 በመቶ ይሆናል። 5 ዓመት ደግሞ 60 ወር።

«ዓመታችን 13 ወር አይደል እንዴ?» የሚለኝ አይጠፋም። ልክ ነው፤ ግን ጳጉሜን የራሷ ደሞዝ የላትም። የምታስገቡት በዓመት 12 ጊዜ ከሆነ የምትጠቀሙት 12ን ነው።

ደረጃ 3፦ FVን ጻፉ

B8 ላይ ይህን አስገቡ፦

```
=FV(B1/12, B2*12, -B3, -B4, B5)
```

በቅደም ተከተል ሲነበብ፦ የወር ወለድ፣ የወራት ብዛት፣ በየወሩ የሚገባው፣ አሁን ያለው፣ የሚገባበት ጊዜ። መልሱ 214,778.70 መሆን አለበት።

B3 እና B4 ፊት ያለው የመቀነስ ምልክት ብዙዎችን ግራ ያጋባል። ነገሩ ቀላል ነው። ቀመሩ ገንዘቡን የሚያየው ከእናንተ ኪስ አንጻር ነው። ከኪስ ወጥቶ ባንክ የሚገባው ነጌቲቭ ነው። መጨረሻ ላይ ከባንክ ወደ ኪስ የሚመለሰው ፖዘቲቭ። ምልክቱን ብትተዉት ቁጥሩ ያው ሆኖ ነጌቲቭ ይመጣል፤ ኤክሴል በቀይ ቀለም ሊያሳያችሁም ይችላል። ያ ዕዳ አይደለም፤ አትደንግጡ። ትልቁ አደጋ አንዱ ላይ ምልክቱን አድርጎ ሌላው ላይ መርሳት ነው፤ ወደ ኋላ እንመጣበታለን።

ከስሩ ሁለት ሴሎች ጨምሩ፦

```
B9   =B4+B3*B2*12
B10  =B8-B9
```

B9 ከኪሳችሁ የወጣው ነው፤ 180,000 ብር። B10 ደግሞ ወለዱ ብቻ ነው፤ 34,778.70። እነዚህን ሁለቱን የማስጨምራችሁ ያለ ምክንያት አይደለም። የFVን መልስ ብቻ ስታዩ ልክ መሆኑን በዓይን መገመት ይከብዳል። ወለዱ ለብቻው ሲታይ ግን ያስታውቃል። በ7 በመቶ ለ5 ዓመት ትንሽ በትንሹ ለገባ 180,000 ብር ወለዱ ከዋናው አንድ አምስተኛ ያህል ነው። 10 እጥፍ ከሆነ ወይም ከነጭራሹ ነጌቲቭ ከሆነ የሆነ ቦታ ተሳስታችኋል።

ደረጃ 4፦ በ3 ወር ፈትሹት

ቀመር ማመን ያለበት ሰው አንዴ በእጁ ሠርቶ ያየ ነው። 60 ወር መሥራት አይጠበቅባችሁም፤ 3 ይበቃል። D፣ E እና F አምዶችን ተጠቀሙ። D ወር፣ E በወሩ የገባው፣ F የወሩ መጨረሻ ቀሪ ሒሳብ ይሁን።

```
D2  1    E2  =$B$3    F2  =$B$4*(1+$B$1/12)+E2
D3  2    E3  =$B$3    F3  =F2*(1+$B$1/12)+E3
D4  3    E4  =$B$3    F4  =F3*(1+$B$1/12)+E4
```

F2 3,000፣ F3 6,017.50፣ F4 9,052.60 ይላል። በሁለተኛው ወር የመጀመሪያው 3,000 17.50 ብር ወለደ። በሦስተኛው ወር 6,017.50 ብር 35.10 ወለደ። ወለዱም ራሱ እንደሚወልድ የምታዩት እዚህ ነው። አሁን ባዶ ሴል ላይ `=FV(B1/12, 3, -B3)` ብላችሁ ጻፉ። 9,052.60 ካለ ቀመሩን በትክክል እየተጠቀማችሁ ነው። ይህን ሰንጠረዥ አታጥፉት፤ መጨረሻ ላይ እንፈልገዋለን።

ደረጃ 5፦ 0 ወይስ 1?

B5 ላይ 0 አስገብተናል። ይህ ማለት ገንዘቡ የሚገባው በእያንዳንዱ ወር መጨረሻ ነው ማለት ነው። 1 ከሆነ በወሩ መጀመሪያ። ባዶ ከተዉት ሺቱ 0 ብሎ ይወስደዋል።

እዚህ ላይ የሚፈጠረው ግርታ ይገባኛል። ሰው «ደሞዝ የሚገባልኝ ወር መጨረሻ ላይ ስለሆነ 0 ነው» ይላል። ቀመሩ ግን ካላንደር አያይም። ወር የሚለው ቆጠራ ከጀመራችሁበት ቀን ወዲህ ያለውን ነው። ጥያቄው መሆን ያለበት «የመጀመሪያውን ብር ዛሬ አስገባለሁ ወይስ ከዛሬ ወር በኋላ?» የሚል ነው። ዛሬውኑ ካስገባችሁ 1፤ የሚቀጥለው ደሞዝ እስኪመጣ ከጠበቃችሁ 0።

ልዩነቱ ምን ያህል ነው? B5ን 1 ስታደርጉት ውጤቱ 216,031.58 ይሆናል። በ60 ወር 1,252.88 ብር ተጨመረ። እያንዳንዱ ተቀማጭ አንድ ወር ቀድሞ ስለገባ የአንድ ወር ወለድ በላጭ ያገኛል፤ ሌላ ምሥጢር የለውም። እንግዲህ እርግጠኛ ካልሆናችሁ 0 ያዙ። ቢሳሳት እንኳ የሚሳሳተው ወደ ጥንቃቄው በኩል ነው።

ከዚህ በኋላ ለምሳሌያችን B5ን ወደ 0 መልሱት።

ደረጃ 6፦ አሁን ያለውን ገንዘብ ጨምሩ

ከዜሮ የሚጀምር ሰው ጥቂት ነው። ሒሳቡ ላይ 40,000 ብር አለ እንበል። B4 ላይ 40000 ጻፉ። B8 ወደ 271,483.72 ይወጣል።

ከየት እንደመጣ ለማየት፣ 40,000ው ማንም ሳይነካው ለ60 ወር ተቀምጦ ለብቻው 56,705.01 ይደርሳል። ከቅድሙ 214,778.70 ጋር ሲደመር ያንኑ ይሰጣል፤ አንድ ሳንቲም የሚበላልጠው በማጠጋጋት ነው። ሁለቱ ገንዘቦች ጎን ለጎን ነው የሚያድጉት፤ አንዱ ሌላውን አይነካም። ይህን ያዙት፤ ቀጣዩ ደረጃ የቆመው በዚህ ላይ ነው።

ደረጃ 7፦ ከግቡ ተነስታችሁ የወሩን መጠን አግኙ

አሁን ጥያቄው ተገለበጠ። 400,000 ብር ይፈለጋል፤ ያለው 40,000 ነው፤ ጊዜው 5 ዓመት። B12 ላይ፦

```
=-PMT(B1/12, B2*12, -B4, B6, B5)
```

መልሱ 4,795.10 ነው። በየወሩ ይህን ያህል ካስገባችሁ በ60ኛው ወር 400,000 ይሞላል።

ቀመሩ ውስጥ የሚሠራው ሥራ ይኸው ነው፦ መጀመሪያ 40,000ው ለብቻው የት እንደሚደርስ ያያል፤ 56,705.01። ይህን ከግቡ ይቀንሳል፤ 343,294.99 ይቀራል። ከዚያ «በየወሩ 1 ብር ቢገባ በ60 ወር ስንት ይሆናል?» ይላል። መልሱ 71.5929 ብር ነው። 343,294.99ን ለ71.5929 ሲያካፍል 4,795.10 ያወጣል። ይህን ካወቃችሁ PMT ባይኖር እንኳ በካልኩሌተር ትሠሩታላችሁ።

ምልክቶቹን አንድ በአንድ እንያቸው። ያለው 40,000 ባንክ ገብቷል፤ ነጌቲቭ። ግቡ 400,000 ወደ እናንተ የሚመጣ ነው፤ ፖዘቲቭ። የሚገኘው የወር ተቀማጭ ከኪስ የሚወጣ ስለሆነ ቀመሩ ነጌቲቭ አድርጎ ያወጣዋል። ፊት ለፊት `=-PMT` ያልነው እሱን ገልብጦ ለማንበብ እንዲመች ብቻ ነው።

አሁን ያ ያልኳችሁ አደጋ። B4 ፊት ያለውን የመቀነስ ምልክት ብትረሱ ሺቱ ምንም ስህተት አይልም፤ ጸጥ ብሎ 6,379.19 ይሰጣችኋል። ያላችሁን 40,000 እንደ ብድር ቆጥሮት ነው። በቁጠባችሁ እሱንም እንድትከፍሉለት እያደረገ ነው። መፈተሻው ይኸውና፦ B4ን 0 አድርጋችሁ እዩት። ምንም ሳይኖራችሁ የሚያስፈልገው 5,587.15 ነው። ያለ ገንዘብ ሲጨመር የወሩ መጠን መቀነስ አለበት። ከጨመረ ምልክቱ ተገልብጧል ማለት ነው።

B12 ነጌቲቭ ቁጥር ቢያወጣስ? ምልክቶቹ ልክ ከሆኑ ይህ ጥሩ ዜና ነው። ያላችሁ ገንዘብ ያለ ተጨማሪ ተቀማጭ በራሱ ግቡን ያልፋል ማለት ነው። ለምሳሌ B4 300,000 ቢሆን በ5 ዓመት 425,287 ብር ስለሚደርስ የሚጎድል ነገር የለም።

ደረጃ 8፦ አጠጋጉና መልሳችሁ ፈትሹ

በየወሩ 4,795 ብር ከ10 ሳንቲም የሚያስገባ ሰው የለም። ወደ ላይ አጠጋጉት፦

```
B13  =ROUNDUP(B12,-2)
B14  =FV(B1/12, B2*12, -B13, -B4, B5)
```

B13 4,800 ይላል። B14 400,350.94 ይላል። ወደ ታች አታጠጋጉ፤ 4,700 ብትሉ ግቡ አይሞላም። B14 ደግሞ ማረጋገጫ ነው። የPMTን መልስ ወደ FV መልሳችሁ ስታስገቡ ግቡ ላይ ወይም ትንሽ ከፍ ብሎ ማረፍ አለበት። ካላረፈ በሁለቱ ቀመሮች መካከል አንዱ ግብዓት ተለያይቷል። ብዙ ጊዜ አንዱ ላይ B5 ተረስቶ ነው።

4,800 ከአቅም በላይ ከሆነስ? ጊዜውን ማስረዘም አለ። በወር 4,000 ብቻ ከሆነ የሚቻለው፦

```
=NPER(B1/12, -4000, -B4, B6, B5)
```

69.26 ያወጣል። ሩብ ወር ስለሌለ 70 ወር በሉት፤ 5 ዓመት ከ10 ወር።

ደረጃ 9፦ ወለዱን ወደ እውነተኛው አቅርቡት

እስካሁን ያሰላነው ባንኩ በየወሩ 7 በመቶውን ምንም ሳይቆርጥ እንደሚያስገባ አድርገን ነው። ሁለት ነገሮች ይህን ይቀንሱታል።

አንዱ ግብር ነው። ባንኩ ከወለዱ ላይ ግብሩን ቆርጦ ነው ወደ ሒሳባችሁ የሚያስገባው። ምጣኔው 5 በመቶ ነው ብንል B1 ላይ ይህን ጻፉ፦

```
=7%*(1-5%)
```

እጃችሁ የሚገባው ወለድ 6.65 በመቶ ይሆናል። የሚቆረጠው ከወለዱ እንጂ ከዋናው ገንዘብ ስላልሆነ 7 ሲቀነስ 5 አይደለም፤ 2 በመቶ ብላችሁ እንዳትሠሩ። በዚህ የወሩ ተቀማጭ ከ4,795.10 ወደ 4,852.47 ከፍ ይላል። ቅድም ያጠጋጋነው 4,800 አይበቃም ማለት ነው፤ B13 ራሱ ወደ 4,900 ይሸጋገራል።

እዚህ ላይ አንድ ወጥመድ አለ። B1 ሴል «7%» ብሎ ሊያሳያችሁ ይችላል። ውስጡ 6.65 ነው፤ አጠጋግቶ እያሳየ ነው። የአስርዮሽ አሃዝ መጨመሪያውን ቁልፍ ሁለቴ ንኩት፣ እውነተኛው ይወጣል።

ሌላው የወለዱ መግቢያ ጊዜ ነው። ባንኩ በየወሩ ሳይሆን በዓመት አንዴ የሚያስገባ ከሆነ በመካከሉ ወለዱ ወለድ አይወልድም። ያኔ `B1/12` የሚለውን በሙሉ በዚህ ተኩት፦

```
(1+B1)^(1/12)-1
```

የመጀመሪያው ምሳሌያችን፣ ማለትም 3,000 ብር ለ60 ወር፣ ከ214,778.70 ወደ 213,600 ገደማ ይወርዳል። ትልቅ ልዩነት አይደለም። ጊዜ ከሌላችሁ ይህን ዝለሉት፤ ግብሩን ግን አትዝለሉ።

ደረጃ 10፦ ግቡ ራሱ እየሸሸ ከሆነ

400,000 ብር ዛሬ የሚገዛውን ከ5 ዓመት በኋላ ላይገዛ ይችላል። FV እና PMT ስለ ዋጋ ንረት ምንም አያውቁም። ይህን ማስገባት ያለባችሁ ግቡ ላይ ነው። የዕቃው ዋጋ በዓመት 10 በመቶ ይጨምራል ብላችሁ ብትገምቱ B6 ላይ፦

```
=400000*(1+10%)^B2
```

ግቡ 644,204 ይሆናል። በ7 በመቶው ወለድ የወሩ መጠን ከ4,795.10 ወደ 8,206.11 ይዘላል። 10 በመቶውን ለምሳሌ ነው የወሰድኩት፤ እናንተ የምትገዙትን ዕቃ ዋጋ ከኔ ይልቅ ታውቁታላችሁ። ብዙ ሰው ይህን ሲያይ ሺቱን ይዘጋዋል። ከመዝጋት B2ን እየቀያየራችሁ ሞክሩ። ዋጋው ከወለዱ ፈጥኖ በሚያድግበት ጊዜ መዘግየት ግቡን ይበልጥ ያርቀዋል፤ ጊዜ ባጠረ ቁጥር ግን የወሩ ጫና ይከብዳል። ሁለቱን እያመዛዘናችሁ የሚሆናችሁን ፈልጉ።

የሚደጋገሙ ስህተቶች፣ በመልሳቸው ሲታወቁ

ለ3,000 ብሩ ምሳሌ የሚከተለው ከወጣ፦

- 2,440,561.15፦ ወለዱን ለ12 አላካፈላችሁም። 7 በመቶ በየወሩ እየተከፈላችሁ ነው።
- 15,176.02፦ ዓመቱን በ12 አላባዛችሁም። 5 ዓመት ሳይሆን 5 ወር ሆኗል።
- `#NAME?`፦ የቀመሩ ስም አልታወቀም። ፊደል ተሳስቷል፤ ወይም ኤክሴላችሁ በሌላ ቋንቋ ነው። ጀርመን ያላችሁ፣ በጀርመንኛው ኤክሴል FV የሚባለው `ZW`፣ PMT ደግሞ `RMZ` ነው።
- `#VALUE!`፦ ቁጥር መሆን ያለበት ሴል ውስጥ ጽሑፍ አለ። «3000 ብር» ብላችሁ ጽፋችሁ ይሆናል። ብር የሚለውን አውጡት።
- `#######`፦ ስህተት አይደለም። አምዱ ጠቦ ቁጥሩ አልተያዘም፤ አስፉት።
- ቀመሩ ጨርሶ አልገባ ካለ፦ ኮማውን በ`;` ቀይሩ። ብዙ የአውሮፓ አገሮች ኮማን ለአስርዮሽ ስለሚጠቀሙ ሺቱ ግብዓቶቹን የሚለየው በእሱ ነው። እዚያ 0.07 የሚጻፈውም `0,07` ተብሎ ነው።

FV የማይሠራበት ቦታ

FV እና PMT የሚሠሩት በየወሩ አንድ ዓይነት መጠን ሲገባ፣ ወለዱም ሳይቀየር ሲቆይ ነው። ደሞዝ ሲጨመር ተቀማጩን የምታሳድጉ ከሆነ፣ ወይም ለበዓልና ለትምህርት ቤት ክፍያ ወር የምትዘሉ ከሆነ ቀመሩ ያንን የሚያስገባበት ቦታ የለውም። ያኔ በደረጃ 4 ወደሠራነው ሰንጠረዥ ተመለሱ።

B1ን ወደ 7%፣ B2ን 5፣ B3ን 3000፣ B4ን 0 መልሱና የ4ኛውን ረድፍ ሦስት ሴሎች መርጣችሁ እስከ 61ኛው ረድፍ ጎትቱ። D አምድ ላይ 4፣ 5፣ 6 እያለ ካልቆጠረ የወሩን ቁጥር በእጅ ሙሉት፤ ለስሌቱ አያስፈልግም፣ ለእናንተ ዓይን እንጂ። B5 0 ሆኖ F61 ከB8 ጋር አንድ መሆን አለበት፤ 214,778.70። አንድ ከሆነ ሰንጠረዡ ልክ ነው፤ አሁን E አምድ ላይ የፈለጋችሁትን ወር መቀየር ትችላላችሁ።

ለምሳሌ 13ኛውን፣ 14ኛውንና 15ኛውን ወር ዘለላችሁ እንበል። E14፣ E15 እና E16 ላይ 0 ጻፉ፤ ረድፉ ከወሩ በአንድ እንደሚበልጥ ልብ በሉ። F61 በ11,761 ብር ገደማ ይቀንሳል። ያልገባው 9,000 ብር ብቻ ነው፤ ቀሪው ያ ገንዘብ ባሉት ወራት ሊያመጣው የነበረ ወለድ ነው። ገንዘብ ያወጣችሁበት ወር ካለ ደግሞ E ላይ በመቀነስ ምልክት አስገቡት፤ 5,000 ካወጣችሁ `-5000`።

ሰንጠረዡን ከፓስቡካችሁ ወይም ከባንኩ መተግበሪያ ጋር በየጊዜው አስተያዩት። F አምድ ላይ ያለውን በባንኩ ቀሪ ሒሳብ ተኩና ከዚያ ወር ወዲያ ያለው እንዲሰላ ተዉት። ግቡ ላይ የሚጎድል ከታየ፣ B4ን በዕለቱ ቀሪ ሒሳብ፣ B2ን በቀረው ጊዜ ቀይሩ፤ B6 ላይ የደረጃ 10ን ቀመር ካስገባችሁ 400000ውንም በዕለቱ ዋጋ ተኩት። 44 ወር ከቀረ B2 ላይ `=44/12` ጻፉ። B12 ከዚያ ወዲህ የሚያስፈልገውን አዲስ የወር መጠን ያወጣላችኋል።